የጎረቤት ምሬት እንዴት የሥራ ሐሳብ እንደሚሆን

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ በየቀኑ በምወጣበትና በምወርድበት ደረጃ ላይ የተገኘ ነው። የራሱን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ሐሳቡን ከሩቅ አገር፥ ወይም ሌላው ሰው ሠርቶ ከበለጸገበት መንገድ ሲፈልግ ይታያል። በገዛ ደጁ ጎረቤቱ የሚማረርበት፥ እርሱም ራሱ የሚማረርበት ነገር ተቀምጦ ሳለ ግን አያየውም። የማያይበትም ምክንያት አለው። ሰው አንዱን ችግር ሁለትና ሦስት ዓመት ከኖረበት ችግር መሆኑን ይረሳዋል። የውሃ በርሜል በማዕድ ቤቱ መካከል ቆሞ መተላለፊያ ሲዘጋበት፥ እንደ ቤቱ ምሰሶ ቈጥሮ ይዞረዋል እንጂ፥ «ይህ በርሜል ለምን እዚህ ቆመ?» ብሎ አይጠይቅም።

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ ከተሠሩት ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ፥ በመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። በእኛ ደረጃ፥ ምድር ቤቱ ተጨምሮ፥ በያንዳንዱ ፎቅ አራት አራት ቤት ስላለ፥ በጠቅላላው 20 ቤት ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ፥ ምድር ቤት የሚኖር አንድ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ደረጃው ላይ አገኘኝና፥ «ጋሼ፥ ተቀጥሮ መሥራት ሰልችቶኛል፤ የራሴን ሥራ ልጀምር ብዬ ምን እንደምጀምር ግን ጠፋኝ» አለኝ። እኔ ነጋዴ ስላልሆንሁ የንግድ ምክር ልሰጠው አልቻልሁም። ነገር ግን የዕለት ሥራዬ የሰማሁትን መጻፍ ነውና፥ አንድ ደብተር ገዝተን ከየካቲት 1 ቀን ጀምሮ ለ14 ቀን በደረጃችን የሚሰማውንና የሚታየውን ሁለታችንም እንጻፍ አልሁት። እርሱም እሺ አለ፤ ምናልባት ይሉኝታ ይዞት ይሆናል።

ደብተሩን በአራት ዓምድ ከፈልነው። በመጀመሪያው ቀንና ሰዓት፥ በሁለተኛው የተማረረው ሰው፥ በሦስተኛው የተናገረው ቃል፥ በአራተኛው ደግሞ ስለዚያ ነገር ያደረገው ወይም የከፈለው ይጻፋል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀኖች ሦስተኛው ዓምድ ሞላ፤ አራተኛው ግን ባዶ ሆኖ ቀረ። ስለ ውሻ ጩኸት ብቻ ከሰባት ሰዎች ምሬት ጻፍን። ይሁን እንጂ ከሰባቱ አንዱም እንኳ ስለ ውሻው ብሎ አንድ እርምጃ አልተራመደም፤ አንድ ብርም አላወጣም። እንዲህ ያለው ምሬት ለመጨዋወቻ የሚሆን እንጂ ለሥራ የሚሆን አይደለም። ሰው በነገሩ የሚጎዳ መሆኑ የሚታወቀው፥ እንደ ምንም ብሎ ማስታገሻ ሲያበጅለት ነው። ገንዘብ ይከፍልበታል፥ እንቅልፉን ያጣበታል፥ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀርበታል፥ ወይም ካልሆነ ዕቃ የሆነ ዕቃ ይሠራበታል። ስለዚህ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ የሚባለውን ትተን የሚደረገውን ብቻ መጻፍ ጀመርን።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አንዲት ብቻዋን የምትኖር ጎረቤታችን፥ በበዓል ቀን ዶሮ የሚያርድላት ወንድ ፍለጋ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ በር ስታንኳኳ እንደምትውል ነገረችን። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አራተኛው ዓምድም ይሞላል፤ እርሷም ለአራጁ ገንዘብ ትሰጣለች። ወጣቱ ወዲያው ተነሥቶ ቢላዋ ሊገዛ ነበር። ነገር ግን በዓሉን ብንቈጥረው ዕንቍጣጣሽ፥ ገናና ፋሲካ ናቸው፤ ቢበዛ አንድ ሁለት ይጨመርበታል። በዓመት አራት ወይም አምስት ቀን የሚመጣ ችግር ለአንድ ሰው የበዓል መዋያ ያስገኝለት ይሆናል እንጂ፥ የዓመት እንጀራ አይሆንለትም። ስለዚህ ችግሩ ምን ያህል ያማል ከማለት ጋራ፥ ስንት ጊዜ ይመላለሳል ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ። በደረጃችን ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው ቃል «ውሃ የለም» የሚለው ነበር። እኛም በመጀመሪያ እንደ ተባለው ጻፍነው። ሰዓቱን ስንጽፍ ግን ነገሩ እንደዚያ ሆኖ አልተገኘም። በ14ቱ ቀን ውስጥ ውሃ በአምስት ሌሊት መጥቷል። የመጣውም ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው። ከምድር ቤት እስከ ሁለተኛ ፎቅ ላሉት 12 ቤቶች ውሃው በደንብ ይደርሳል፤ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ፎቅ ግን አይደርስም። እንግዲህ በአንድ ቃል «ውሃ የለም» የሚሉት 20 ቤቶች፥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ነበሩባቸው ማለት ነው።

የታችኞቹን 12 ቤቶች አራተኛ ዓምድ ስናነብ እንዲህ ይላል፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥታ በርሜል ሞላች።» «ቧንቧውን ከፍታ፥ ድምፁ እንዲቀሰቅሳት ባዶ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጣ ተኛች።» «ድምፁን ሳይሰማ ተኝቶ ቀረ፤ ውሃው ሞልቶ ፈስሶ የታችኛውን ቤት ጣራ አበላሸ።» አንዲት እናት በምድር ቤት ይኖራሉ። በአምስቱም ሌሊት ተነሥተዋል፤ ውሃ ባልመጣባቸውም ሌሊቶች ቢሆን «ይመጣ ይሆናል» በማለት ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅተዋል። «እትዬ፥ እርስዎን የቸገረዎ ምንድን ነው?» ብንላቸው፥ «ውሃ ነዋ!» አሉ። ነገር ግን በርሜላቸው ሙሉ ነበር። እርሳቸውን የቸገራቸው ውሃ ሳይሆን እንቅልፍ ማጣት ነው። ይህንንም እርሳቸው ራሳቸው በቃል አልተናገሩትም፤ ከአራተኛው ዓምድ ያነበብነው ነው።

በምሬቱ ውስጥ እንዲህ የተሸፈነ ሌላ ምሬት መገኘቱ በእኛ ደረጃ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተባለውን ኩባንያ የመሠረቱት ሳምራዊት ፍቅሩ፥ ራይድ የተባለውን የታክሲ መጥሪያ ያሰቡት እርሳቸው ራሳቸው ከሥራ አምሽተው ሲወጡ ታክሲ በማጣት ስለ ተቸገሩ መሆኑን በየጊዜው ተናግረዋል። በችግሩም ውስጥ ሁለት ነገር ነበረ። አንዱ ታክሲ ማጣት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተገኘው ታክሲ ዋጋውን እንደ ተሳፋሪው ሁኔታ መጥራቱና ክርክሩ ነው። ስለዚህ መኪናውን ማቅረብ ብቻ ሳይሆን ዋጋውን በርቀት መቍረጥ አስፈለገ። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው እንኳ 8294 ደውሎ መኪና ሊያስጠራ መቻሉ፥ መድኃኒቱ ሰው በእጁ በያዘው ዕቃ እንዲገባ የተደረገ መሆኑን ያሳያል።

ወደ ደረጃችን እንመለስ። ችግሩ እንቅልፍ ማጣት መሆኑ ከታወቀ በኋላ መድኃኒቱን ለማግኘት የቧንቧ ሠራተኛው ብዙ አልደከመም። በሽንት ቤት የውሃ ሣጥን ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ኳስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ውሃው ከፍ ሲል ኳሱም ከፍ ይልና መግቢያውን ይዘጋዋል። ይህንኑ መዝጊያ ከበርሜሉ አፍ አጠገብ ቢተክሉትና ከቧንቧው በጎማ ቢያገናኙት፥ ቧንቧውን ከፍቶ መተኛት ይቻላል። ውሃው ሌሊት ሲመጣ በርሜሉ ይሞላል፤ ሲሞላም ራሱ ይዘጋል። መዝጊያው ግን በበርሜሉ ላይኛ ክፍል፥ ውሃው ከሚደርስበት በላይ መተከል አለበት። ዝቅ ብሎ ከተተከለ፥ መሥመሩ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ የተጠራቀመው ውሃ በመጣበት መንገድ ተስቦ ሊመለስ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ወጣቱ 12ቱን ቤቶች፥ «እንዲህ ያለ ነገር ባበጅላችሁ ትፈልጋላችሁ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። 12ቱም «እንዴታ! እግዜር ይስጥህ!» አሉት። እርሱም ደስ ብሎት የ12 መዝጊያ ዋጋ ለመበደር ተነሣ። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ያዝሁት። በአገራችን ደጃፍ ላይ ቆሞ ለሚጠይቅ የጎረቤት ልጅ «አልፈልግም» ብሎ መመለስ ነውር ነው። ሰውየው እሺ የሚለው ዕቃውን ፈልጎ ሳይሆን ልጁን ላለማሳዘን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ። «ባለፈው ሳምንት ስንት ሌሊት ነቃችሁ? ስለዚሁ ምን አደረጋችሁ?» ተብሎ ስላለፈው ነገር ይጠየቃል። ቀጥሎም «ዋጋው 1,000 ብር ነው፤ ለዕቃ መግዣ 200 ብር ዛሬ ያስይዙ፤ በሳምንት ውስጥ ካልተከልሁ እመልሳለሁ» ይባላል። በዚህ ጊዜ 12ቱ እሺታ ወደ 5 ወረደ። ወጣቱ ፊቱ ጠቈረ። እኔ ግን አምስቱ ከአሥራ ሁለቱ ይበልጡብኛል፤ አምስቱ የእውነት ናቸውና።

የመጀመሪያው መዝጊያ የተተከለው እኒያ እናት ቤት ነው። በሁለተኛው ሌሊት ውሃ መጣ፤ በርሜሉ ሞላ፤ መዝጊያውም እንደ ታሰበው ዘጋ። ነገር ግን መውጫ ያጣው ውሃ በጎማው ውስጥ ግፊት ፈጠረና፥ በሽቦ ብቻ ታስሮ የነበረውን ጎማ ከቧንቧው አፍ አውልቆ ጣለው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ቤቱ ውሃ ሞልቶ፥ ምንጣፉም ርሶ ተገኘ። ወጣቱ ጧት ምንጣፉን ተሸክሞ አውጥቶ አሰጣው፤ እናቲቱም አልተቈጡም፤ እንዲያውም ቡና አፈሉለት። እርሱ ግን በየቤቱ የሽቦውን ማሠሪያ ትቶ፥ በመፍቻ የሚጠብቅ የብረት ማሠሪያ በጎማው በሁለቱም ጫፍ አደረገ። በተከለም ቍጥር እርሱ ራሱ በርሜሉን እስከ አፉ ሞልቶ፥ መዝጊያው ከዘጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ማሠሪያውን መመልከት ጀመረ። ይህ ግማሽ ሰዓት በዋጋው ውስጥ አልታሰበም ነበር።

በአንድ ወር ውስጥ ሌሎች አራት ቤቶች የጎረቤታቸውን አይተው ስላስተከሉ፥ ቍጥሩ 9 ደረሰ። ከቀሩት ሦስት ቤቶች በአንዱ የሚኖረው ሰው የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ስለ ሆነ ቀድሞውንም አይተኛም። ሁለቱ ደግሞ ብቻቸውን የሚኖሩ፥ ሁለት ጀሪካን ውሃ ለቀናት የሚበቃቸው ናቸው። ከያንዳንዱ ቤት ከሚቀበለው 1,000 ብር ውስጥ ለመዝጊያ፥ ለጎማና ለማሠሪያ 650 ብር ያወጣ ስለ ነበር፥ የሚተርፈው 350 ብር ነው። የ9ኙ ቤት ትርፍ 3,150 ብር ሆነ። ይህ ቤት አያስተዳድርም። ከዚህም በላይ አንድ ጊዜ የተተከለለት ሰው ነገ ተመልሶ አይገዛም። ስለዚህ ሥራው እንዲኖር ከደረጃ ወደ ደረጃ፥ ከግቢ ወደ ግቢ መሄድ ይኖርበታል።

በየወሩ የሚከፈልበት ችግር ያለው በላይኞቹ ፎቆች ነበር። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ ካሉት 8 ቤቶች ስድስቱ ውሃ ለወጣት ተሸካሚዎች እየከፈሉ ያስመጣሉ። ከስድስቱ አንዱ የእኔ ቤት ነው። በደብተሩ እንደ ተጻፈው እያንዳንዱ ቤት በቀን በአማካይ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስወጣል። በዚያ ጊዜ አንዱን ጀሪካን ለማውጣት 20 ብር ይከፈል ነበር። እንግዲህ በቀን 60 ብር፥ በወር 1,800 ብር ማለት ነው። ይህን ያህል መክፈሌን እኔ ራሴ እስክጽፈው ድረስ አላወቅሁም ነበር፤ በየዕለቱ ከኪስ የሚወጣ ጥቂት ገንዘብ ሰው አይቈጥረውም።

ውሃው ለምን ከሁለተኛው ፎቅ በላይ አልወጣም? የቧንቧ ሠራተኛው እንዲህ አስረዳኝ። አንድ ባር የሚባለው የግፊት መጠን ውሃን ወደ 10 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። የሦስተኛው ፎቅ ቧንቧ ከመሬት 10 ሜትር ያህል፥ የአራተኛው ደግሞ 13 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሌሊት የሚመጣው ግፊት ከአንድ ባር በታች ከሆነ፥ ለታችኞቹ ይበቃል፤ ለእኛ ግን አይበቃም። አንዳንድ ሰው ይህን ለማሸነፍ ፓምፕ ከመሥመሩ ላይ በቀጥታ ይገጥማል። ይህ ክፉ ሥራ ነው፤ የጎረቤትን ውሃ ከመሳቡም በላይ፥ የተሰነጠቀ ቧንቧ ካለ ከመሬት ቈሻሻ እየሳበ ያስገባል። ትክክለኛው መንገድ በምድር ላይ ታንከር፥ ማለትም ሮቶ አቁሞ፥ ሌሊት በራሱ ግፊት እንዲሞላ አድርጎ፥ ከዚያ ወዲያ በፓምፕ ወደ ላይ ማንሣት ነው።

ስሌቱን አብረን ሠራነው። ስድስቱ ቤቶች በቀን 360 ሊትር ይፈልጋሉ። በደብተሩ ውስጥ ከሁሉ ረዥም የነበረው ውሃ ያልመጣበት ጊዜ 4 ቀን ስለ ሆነ፥ 1,440 ሊትር መጠራቀም አለበት፤ የ2,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። ሮቶው፥ የግማሽ ፈረስ ጕልበት ፓምፕ፥ ቧንቧውና የማቆሚያው ግንብ በዚያ ወር ዋጋ 54,000 ብር ተገመተ። ስድስቱ ቤቶች በወር 1,200 ብር ቢከፍሉ 7,200 ብር ይገባል። ለውሃ፥ ለመብራትና ለጥገና 1,800 ብር ቢወጣ 5,400 ብር ይተርፋል፤ የወጣውም ገንዘብ በ10 ወር ይመለሳል። የሕንፃው ማኅበር ለሮቶው ቦታ ለመፍቀድ አልተቃወመም።

በወረቀት ላይ እንዲህ ያማረ ነበር። ነገር ግን እንደ ቀድሞው የአንድ ወር ገንዘብ አስቀድመው እንዲከፍሉ ሲጠየቁ፥ ከስድስቱ አራቱ ብቻ ከፈሉ። ሁለቱ ያልከፈሉት ገንዘብ ጠፍቶባቸው አይደለም። ተከራዮች ናቸው፤ ባለቤቱ ነገ «ቤቴን ልቀቁ» ቢላቸው በማይኖሩበት ቤት መሥመር ማስገባት አልፈለጉም። በአራት ቤት ሲታሰብ የሚገባው 4,800 ብር ነው፤ ወጪው ወደ 1,500 ብር ቢወርድ እንኳ የሚተርፈው 3,300 ብር ብቻ ስለ ሆነ፥ ገንዘቡን ለመመለስ ከ16 ወር በላይ ይፈጃል። በዚያው ሰሞን ደግሞ በዋናው መንገድ ዳር ለትልቅ የውሃ መሥመር ጕድጓድ ሲቈፈር አየን። መሥመሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያልቅና ግፊቱ ቢጨምር፥ ሮቶው ገንዘቡን ሳይመልስ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ካለ ችግር ላይ ሥራ የሚያቆም ሰው፥ ችግሩ ከእርሱ ገንዘብ መመለሻ ቀን በፊት ይወገድ እንደ ሆነ ወጥቶ መንገዱን ማየት አለበት። ወጣቱ የአራቱን ቤት ገንዘብ መለሰ፤ እኔም ጀሪካን ማስመጣቴን ቀጠልሁ።

ውሃ ከሚሸከሙት ልጆች አንዱን ግን ረዳት አድርጎ ቀጠረው። ልጁ በየትኛው ቤት በርሜል እንዳለ፥ ማን ሌሊት እንደሚነቃ፥ ማን ተከራይ እንደ ሆነ ከሁላችን ይልቅ ያውቃል፤ በየቤቱ በር ለዓመታት ገብቶ ወጥቷልና። ሁለቱ ከእኛ ቀጥሎ ወዳለው ግቢ ሲሄዱ ደብተሩን ይዘው ነበር። እዚያም ምሬቱ ያው «ውሃ የለም» የሚል ነው፤ አራተኛው ዓምድ ግን ሌላ ሆነ። በዚያ ግቢ ውሃው የሚመጣው ሰው ሁሉ ሥራ በሚውልበት በቀን ነው። ስለዚህ ቧንቧ ከፍቶ ከቤት መውጣት ያስፈራቸዋል፤ መዝጊያውን ሲያሳዩአቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ዋጋው ሳይሆን፥ «እኔ በሌለሁበት ጎማው ቢወልቅስ?» ብለው ነው። ወጣቱም እዚያ ጎማውን ጨርሶ ትቶ በጠንካራ ቧንቧ መግጠም ጀመረ። ዋጋው ወደ 1,600 ብር ቢወጣም፥ በመጀመሪያው ሳምንት ሰባት ቤቶች ገንዘብ አስያዙት።